ከመሀል በታች

ሰውዬው ዕድሜውን የፈጀው የፑል ጠረጴዛ ጨርቅ በመቀየር ነው። ጨርቁን የሚቀድዱት ደግሞ ነጯን ኳስ ከመሀሏ በታች እንመታለን ብለው ዱላውን ቁልቁል የሚሰኩ ጉረኞች ናቸው። እሱ ይህን ስለሚጠላ ሁሌም ከመሀል በላይ ይመታል፤ ነጯም የመታችውን ኳስ ተከትላ ትሄዳለች።

ዛሬ ግን ጉድ ፈላ። ጥቁሯ ብቻ ቀርታ ቀዳዳው አፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጯ በሩቁ ከኋላዋ ቀጥ ብላለች። ከላይ ከመታት ተከትላ ትገባና ይሸነፋል። መሀሏን ቢላትም እስክትደርስ መንከባለል ትጀምርና ያው ተከትላ ትገባለች።

«ምነው አማች፣ ከታች በላት እንጂ!» አለ ተጋጣሚው፣ የሚስቱ ወንድም፣ እየሳቀ። «ወይስ ጨርቁ አሳዘነህ?»

ሰውዬው የዱላውን ጫፍ ጠመኔ ቀባ፤ ዝቅ ብሎ ዱላውን ከጨርቁ ጋር ትይዩ አስተኛና ከመሀል በታች ጠንከር አድርጎ መታ። ነጯ ወደ ኋላ እየሾረች ወደ ፊት ተንሸራተተች። ጥቁሯን ገጨቻት፤ ጥቁሯ ገባች። ነጯ ለአፍታ ቆም አለችና ወደ እሱ ተመለሰች።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እሱ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን በጣቱ ይዳብሳል።

«አሸነፍክ እኮ!» አለው አማቹ።

«ቆይ አትጩህብኝ፤ መጀመሪያ ጨርቁን ልይ!»