ጸጋና ምሕረት

ቆንጅት ቆቦ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ለአንዲት ትንሽ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከእንግሊዝኛ የመጣ ተከታታይ ስብከት ትተረጉማለች፤ እሁድ እሁድ ሽማግሌው ወንድም ገዛኸኝ ያነቡታል። ስትጀምር «እህት ቆንጅት፣ አንድ ቃል አትደጋግሚ፤ ሰው ይሰለቻል» ብለው መከሯት። ሰማቻቸው። በመጀመሪያው ስብከት «ጸጋ» ያለችውን የእንግሊዝኛ ቃል በሁለተኛው «ቸርነት»፣ በሦስተኛው «ምሕረት» አለችው። አማርኛው ፈሰሰ፤ ሁሉም አመሰገናት።

አራተኛው ላይ እጇ ቆመ። ሰባኪው «ምሕረት የሚገባንን ቅጣት ያስቀርልናል፤ ጸጋ ግን የማይገባንን ስጦታ ይሰጠናል» ይላል። የስብከቱ ምሰሶ ይኸው ልዩነት ነው። እሷ ባለፈው እሁድ ያንኑ ስጦታ «ምሕረት» ብላ አስነብባለች።

ወንድም ገዛኸኝ ዘንድ ሄዳ «ከንባቡ በፊት ስህተቴን ልናገር» አለቻቸው።

«ተይው፣ ማን ልብ ብሎታል? ሰዉን ግራ ታጋቢዋለሽ።»

«ግራ ያጋባሁትማ ያኔ ነው!» አለች።

እሁድ ቆማ ተናገረች። ከሮቢት የሚመጡት እማማ አስካለ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ እኔ ሁለቱ አንድ ናቸው ብዬ ለጎረቤቶቼ ሁሉ አስረድቻለሁ። አሁን ምን ልበላቸው?»

«እኔው መጥቼ አስረዳቸዋለሁ» አለች ቆንጅት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣች፣ በወንድም ገዛኸኝም በራሷም እንደተናደደች፣ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።