ጥርስ የሚጠብቅ እንቁላል

እውነቱን ልናገር፤ ማይክሮዌቭ የሚሉትን ዕቃ የጠላሁት ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ነው። ዕቃው ምን አደረገኝ? ምንም። ያመጣችው የባሌ ታናሽ ወንድም ሚስት ስለሆነች ብቻ ነው። ባንክ የምትሠራ፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ፣ ቆንጆ ልጅ ናት። ካገባች ዓመት ሳይሞላት ካርቶኑን አሸክማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው አማታችን ግቢ ገባችና ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ የእኔ የሽንኩርት ቅርጫት ከሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ቅርጫቴን መሬት አወረደችው። ይቅርታ ጠይቃኛለች፣ አልዋሽም። ግን አወረደችው።

እኔ በዚያ ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ባሌ ሊሙ ገነት ቡና ሊያይ ሲሄድ ሳምንት ይቆያል፤ እኔና አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ነን ቤቱን የያዝነው። ጥርሳቸው ተመናምኗልና በየጠዋቱ እንቁላል ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በማንኪያ ጨፍልቄ የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ። ይበላሉ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ሳህኑን ይመልሳሉ። በቃ። እኔም ይበቃኛል ብዬ አስብ ነበር።

ትንሿ ምራት በመጣች በሳምንቱ ሁለት እንቁላል ትልቅ ኩባያ ውስጥ ሰበረች፤ ወተት ጠብ አደረገችበት፤ በሹካ አስኳሉ እስኪጠፋ መታችው። ኩባያውን በሳህን ከደን አድርጋ አስገባችው። ጥቂት ቆይታ አወጣች፣ አማሰለች፣ መለሰች፤ እንደገና አወጣች። ደርቆ ሳያልቅ አቆመችውና «በራሱ ሙቀት ይጨርስ» ብላ ትንሽ አስቀመጠችው። አማቴ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ዓይናቸው በራ።

«ኢንተለ ኮ!» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ እኮ አፍ ውስጥ ይጠፋል! ከየት ተማርሽው?»

ኢንተለ ኮ! እኔን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ነው የሚሉኝ፤ ደግ ቀን ከሆነ «የልጆቹ እናት»። ቀናሁ። የዚያን ቀን ከሰዓት ለልጆቼ ያለምክንያት ጮህኩባቸው፤ ማታ ባሌ ሲደውል አላናገርኩትም። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ኩባያ ነው። እኔ ቀቅዬ ብመጣ «ተይው፣ እሷ ታደርገዋለች፤ አንቺ አረፍ በይ» ይሉኛል። ማን ልረፍ አለ?

አንድ ቀን አማቴ ሰርቦ እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ ትንሿም ባንክ ነበረች። ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃውን አየሁት። ይሄን ነገር ተምሬ፣ ከእሷ አስበልጬ ሠርቼ፣ ሲመለሱ ላስደንቃቸው ብዬ አሰብኩ። እሷ የምትመታው እንቁላል ነው፤ እኔ ደግሞ እሳቸው የሚወዱትን ቅቅሉን፣ ያለ ውሃ ያለ ድስት፣ በደቂቃ አወጣለሁ! አንድ የሐበሻ እንቁላል ከነቅርፊቱ አስገብቼ ጫንኩት።

እየዞረ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ደቂቃ የሞላ አይመስለኝም፣ ዷ! በሩ ተበርግዶ ደረቴን መታኝ። ያ ረቢ! አስኳሉ ጣራው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የሽንኩርት ቅርጫቴ ውስጥ። ፊቴን ብቻ አላህ ጠበቀው። ጎንበስ ብዬ ሳልመለከት ቀርቼ እንጂ ዓይኔ አይተርፍም ነበር። ከዚያ እንደ ሌባ ጠረግሁ፣ ወለወልኩ፣ በሎሚ አሸሁ። በሩ ግን ከዚያ በኋላ አልይዝ አለ።

በነጠላ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ገበያ አጠገብ ያለ ኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሽማግሌ ሰው ናቸው። በሩን ከፍተው አሸተቱና ሳቁ።

«እንቁላል ነው አይደል?»

«አይደለም» አልኩ።

«እሺ፣ አይደለም» አሉና መያዣውን ማስተካከል ጀመሩ። «ይሄ ዕቃ የሚያሞቀው ውሃውን ነው። እንቁላል ውስጥ ውሃ ሞልቷል። ሲግል እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ቅርፊቱ መውጫ አይሰጠውም። ታዲያ ምን ያድርግ?»

«ቅርፊቱን ብልጠውስ?» አልኩ፣ አይደለም ያልኩትን ረስቼ።

«አስኳሉም የራሱ ስስ ቆዳ አለው። ጥሬ ከሆነ ሰብረሽ፣ አስኳሉን በሹካ ወግተሽ ወይ መትተሽ፣ ልል አድርገሽ ከድነሽ፣ ኃይሉን ቀንሰሽ፣ በየመሐሉ እያቆምሽ ነው የምትሠሪው። ተቀቅሎ ያለቀውን ግን ሙሉውን እንዳታሞቂ።»

«ዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው እንኳን? እሱ በቢላ የተጫረ ነው እኮ።»

መፍቻውን አስቀመጡት። «እናንተ የምትጭሩት ነጩን ነው፣ ወጡ እንዲገባው። ቢላው አስኳሉ ጋ አይደርስም። የበሰለ አስኳል ውስጥ ትንንሽ ውሃ ተይዞ ይቀራል፤ ከሚፈላበት በላይ ይግልና ሳይፈላ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሚያስፈራኝ እዚያ ውስጥ የሚፈነዳው አይደለም። ደህና መስሎ የሚወጣው ነው። እሱ ጥርስ ነው የሚጠብቀው። ሲነከስ አንዴ ይፈላና አፍ ውስጥ ይፈነዳል። ወጡን ብቻ አሙቂ፣ ወይ እንቁላሉን እስከ አስኳሉ ለሁለት ክፈይው፤ ከሁሉም ከሁሉም ምድጃ ላይ ወጡ ውስጥ ይሙቅ።»

አመስግኜ ወጣሁ። ዕቃውን ቦታው መለስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ሳስበው ግን እሷ የማታውቀው፣ እኔ የማውቀው አንድ ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኛል።

የዒድ ማግስት ነው። ዶሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንቁላሎቹን የጫርኳቸውም እኔ። ወንዶቹ ሰው ጥየቃ ወጥተዋል፤ ቤት የቀረነው ሦስታችን ነን። ድስቱ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ቀዝቅዟል። ትንሿ ለአማታችን ድርሻቸውን በሳህን ቀነሰችና ማይክሮዌቩን ከፈተች። ከዚያ ዞር ብላ ጠየቀችኝ። ይሄ ነው የማይረሳኝ፤ ጠይቃኛለች።

«እህቴ፣ እንቁላሉንም አብሬ ላስገባው? ሙሉ እንቁላል አስገብቼ አላውቅም።»

ቁመቷን አየሁት፣ የዒድ ቀሚሷን አየሁት፣ ነጭ ነው። ዷ ሲል፣ ቀሚሷ ላይ ሲረጭ፣ አማቴ «ምን አደረግሽ!» ሲሏት ታየኝ። ጣፈጠኝ፣ ወላሂ ጣፈጠኝ።

«እንደፈለግሽ» አልኩ።

አስገባችው። እኔ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሸሸት ብዬ ቆምኩ። ዞረ፣ ዞረ፣ ጮኸና ቆመ። ምንም! ሳህኑን አወጣች፤ እንቁላሉ ወጡን ለብሶ ተቀምጧል፣ ደህና መስሎ። የተሰማኝ ንዴት ነበር። እሷን እንቁላል እንኳን ይፈራታል? አልኩ በሆዴ።

ትሪው ላይ ስታስቀምጠው የጠጋኙ ንግግር መጣብኝ። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር። ያኔ አማቴ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ተባረኪ፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ያሞቅልኝ ነበር» አሏት። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

አማቴ አንድ ልማድ አላቸው። ለሌላ የሚያጎርሱት የመጀመሪያ ጉርሻ እንቁላሉ ነው፤ ሙሉውን። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ናት ብለው በእንጀራ ጠቅልለው እንባሽ እስኪመጣ ያጎርሱሻል። ትንሿ ከመጣች ወዲህ ያ ጉርሻ የእሷ ነው። እንቁላሉን ጠቀለሉ፣ ትኩስ መሆኑን አይተው እፍ እፍ አሉበት፣ እጃቸውን አነሱ። እሷ አንገቷን ቀለስ አድርጋ ተዘጋጅታለች። እጃቸው ግን ወደ እኔ ዞረ።

«ሰሞኑን ፊትሽ ጠቁሯል» አሉኝ። «አውቄአለሁ። በይ፣ ዛሬ ያንቺ ነው። ማሎ፣ እባክሽ፣ አፍሽን ክፈቺ!»

ያን ጉርሻ ስንት ወር ተመኝቼዋለሁ! ዓይኔ እንባ ሞላ። እንቁላሉ ከንፈሬ ጋ ደረሰ። እጃቸውን በጥፊ መታሁት።

ትሪው ላይ ወደቀ። እንጀራው ተፈታ፣ እንቁላሉ ወጣና በጎኑ ተኛ። ምንም አልሆነም። አማቴ የተመታ እጃቸውን ይዘው ያዩኛል። የእናት ጉርሻ የመታች ምራት! ትንሿ «እህቴ፣ ምን ነካሽ?» ብላ እንቁላሉን ልታነሳ እጇን ሰደደች።

«እንዳትነኪው! ራቁ፣ ሁለታችሁም ራቁ!»

ሹካ አነሳሁ፣ ፊቴን አዞርኩ፣ ክንዴን ዘርግቼ ወጋሁት። ዷ! ወጡና አስኳሉ ትሪውን አልፎ ምንጣፉ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ ነጩ ቀሚስ ላይ ተረጨ። ክንዴን አቃጠለኝ። አማቴ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው አፋቸውን ያዙ።

ትንሿ ሮጣ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣች፤ ክንዴ ላይ ታፈስልኛለች። «አፍሽ ውስጥ ቢሆን ኖሮ! እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት» እያለች ታለቅሳለች።

አማቴ አላለቀሱም። ክንዴን አዩና «እንዴት አወቅሽ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የፈነዳውን፣ ጠጋኙን፣ የነገሩኝን ሁሉ፤ «እንደፈለግሽ» ያልኳትንም። ትንሿ ውሃ ማፍሰሷን አቆመች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

አማቴ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ያ ጉርሻ ወደ እሷ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ እጄን ትመቺው ነበር?»

አዎ፣ ወላሂ እመታው ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። ሁለቱም ይጠብቁኛል። በአላህ ስም መማል አልቻልኩም።