ለአንድ ክፍል ሁለት እንግዳ

አምሐ ተክለ ጊዮርጊስ የመሪጌታ ልጅ ነው። አባቱ ከጣና ደሴቶች በአንደኛው ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው እዚያው ዐረፉ። እሱ ግን ትምህርቱን ትቶ ከተማ ወጣ። በሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት ጀምሮ እንግዳ መቀበያ ላይ ሠራ፤ ሆቴሉ ሲወረስም «አንተ ታውቀዋለህ» ብለው ሥራ አስኪያጅ አደረጉት። ሰው አክባሪ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ ተነሥቶ በር ድረስ ይወጣል። ከአባቱ የወረሰው ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ስለነበረው ለውጭ የሚሄደውን ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ በእጁ ይጽፈውና ነው ለጸሐፊዋ የሚሰጣት።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ ከአዲስ አበባ አንድ ቴሌግራም መጣ። ወይዘሮ ሐሊማ ሰይድ የሚባሉ ሴት ለቅዳሜ አንድ ክፍል እንዲያዝላቸው ይጠይቃሉ። እንግዳ ተቀባይዋ እናትዓለም ከመዝገቡ አይታ አሥራ አራት ቁጥርን ያዘችላቸው፤ «ተይዞልዎታል» የሚል መልስም በዚያው ቀን ላከች። ያላወቀችው ነገር ቢኖር፣ ያን ዕለት ጧት ዋናው መሥሪያ ቤት ለአምሐ ስልክ ደውሎ ለመንግሥት ስብሰባ የሚመጡ እንግዶች እንዳሉ መናገሩን ነው። አምሐ ቢሮው ውስጥ የነበረውን የትናንቱን የባዶ ክፍሎች ዝርዝር አይቶ «ያሉት ባዶ ክፍሎች በሙሉ ይሰጣሉ» ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉን ግን ወደ መቀበያው መዝገብ አላስገባውም። በኋላ አስገባዋለሁ እንዳለ ሌላ ሥራ ጠራውና በዚያው ቀረ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስብሰባተኞቹ መጥተው ቁልፉን ሁሉ ወሰዱ። ወይዘሮ ሐሊማ ከቀትር በኋላ ደረሱ፤ አንድ ሻንጣና በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ይዘዋል። እናትዓለም መዝገቡን ገልጣ የአሥራ አራት ቁጥርም ቁልፍ አብሮ መሄዱን ስታይ ደነገጠች። አምሐን ጠራችው።

«እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉን፤ ክፍልዎ ተይዟል» አላቸው አምሐ።

«አዎ፣ ለኔ ነው የተያዘው» አሉና ቴሌግራሙን ከመቀነታቸው አውጥተው አሳዩት።

ነገሩን ሲያስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙት። አልጮሁም። ከዚያ ቀስ ብለው «እኔስ የትም አድራለሁ። ልጄ ነው ችግሩ» አሉ። አንድ ልጃቸው ሙሔ ወታደር ነው። የጦር መኪና በሚነዳ ሰው በኩል ቅዳሜ ባሕር ዳር እንደሚያልፍና ጥቂት ሰዓት ፈቃድ እንደሚያገኝ መልእክት ልኮላቸዋል። ከተማውን ስለማያውቀው፣ ሰው ሁሉ በስም የሚያውቀው ይህ ሆቴል ስለሆነ፣ «እዚያ ክፍል ያዢ፤ መጥቼ አይሻለሁ» ብሏቸዋል። ካዩት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው።

«ታዲያ በሩ ላይ ልቀመጥ» አሉ።

በስብሰባው ምክንያት መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ሰው በግቢው ውስጥ እንዳይቆይ ታዟል። አምሐ የሴትዮዋን ያበጠ እግር አየ። ከአዲስ አበባ ድረስ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት። «አይሆንም፤ ሌላ ቦታ ይረፉ» አላቸው። «ገበያው አጠገብ ንጹሕ ማደሪያ አለ፤ እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ። ልጅዎ ሲመጣ በመኪና እልክልዎታለሁ። ከዚያ እንዳይነቃነቁ ብቻ፤ እንዳትተላለፉ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

በሆቴሉ ላንድሮቨር ወስዶ አልጋ አስያዘላቸው። ሲመለስ የስብሰባው ኃላፊ በሩ ላይ ጠበቀው፤ የምግብ አዳራሹ ወንበር አልበቃም፣ ማይክራፎኑም አይሠራም። አምሐ ሲሯሯጥ እናትዓለም ሥራዋን ጨርሳ ወጣች። እሷ ሥራ አስኪያጁ ነገሩን እንደያዘው ነው የምታውቀው። ለማታው ተረኛ ለቢያዝን ማንም ምንም አልነገረውም።

በማግሥቱ ጧት ወይዘሮ ሐሊማ በእግራቸው መጡ። ዐይናቸው እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል። እናትዓለም የመልእክት መያዣውን አየች፤ ባዶ ነው። «ማንም አልመጣም፣ እማማ» አለቻቸው። አምሐም እንደዚያው መሰለው። እንዲያውም ቃሉን ረስቶት እንደነበረ ያን ጊዜ ትዝ ብሎት፣ ልጁ አለመምጣቱን ሲሰማ በልቡ እፎይ አለ።

ወይዘሮ ሐሊማ ነጠላቸውን አጣፉ። «ከጓደኞቹ ጋር መዋል ሳይሻለው አልቀረም» አሉ። «እሱ እንኳ ይረሳኛል ብዬ አላስብም ነበር።» ዳቦውን ለእናትዓለም ሰጥተዋት ሄዱ። በማግሥቱም ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

አምሐ በዚያው ሳምንት የይቅርታ ደብዳቤ ሊጽፍላቸው ተቀመጠ። የሆቴሉ ደንብ ነው፤ የተያዘለት ክፍል ለሌላ የተሰጠበት እንግዳ ይቅርታ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ግልባጩም ለዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል። «በክፍል አያያዝ ረገድ በተፈጠረ አነስተኛ የአሠራር ጉድለት…» ብሎ ጀመረ። «አነስተኛ» የምትለዋ ቃል አልዋጥ አለችው። ሰረዛት። ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በትክክል ካልጻፈ ይቅርታው ይቅርታ እንደማይሆን ስለተሰማው የዚያን ቀን ተረኞች አንድ በአንድ ጠርቶ ጠየቀ። በመጨረሻ የበሩን ዘበኛ ጋሽ ኑርሑሴንን አስጠራቸው። ጋሽ ኑርሑሴን የወረታ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እሑድ ዕረፍታቸው ነው።

«ቅዳሜ የመጣች ሴት ክፍል አጥታ ነበር» አላቸው አምሐ። «እርስዎ ያዩት ነገር አለ?»

«ሴቲቱን አላየሁም። እኔ በዐሥር ሰዓት ነው የገባሁት» አሉ። ቀጥለውም «አንድ ወታደር ግን እናቱን ፈልጎ መጥቶ ነበር» አሉ።

አምሐ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ሐሊማ የምትባል እናቴ እዚህ አርፋለች አለኝ። አስገባው ዘንድ ስላልተፈቀደልኝ ቆይ ብዬው ቢያዝንን ጠየቅሁት። መዝገቡን አይቶ እንዲህ የሚባል ሰው የለም አለኝ። ነገርሁት። አላመነኝም። ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ቆይታ ይሆናል ብሎ ከበሩ ማዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አውቶቡስ ባለፈ ቍጥር ይነሣል። ውኃ ሰጠሁት። ስሙን ጠየቅሁት፤ ሙሔ አለኝ። እንደ ልጄ አየሁት፣ ጌታዬ። ፀሐይ ስትገባ ተነሣ፤ መኪናው ሊሄድበት ነው።»

«ምን አለ? ሲሄድ ምን አለ?»

«ከመጣች ንገራት አለኝ። ወፍሬያለሁ በላት አለኝ።» ጋሽ ኑርሑሴን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «አልወፈረም ነበር።»

አምሐ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ የጀልባ ማሠሪያው አጠገብ ቆመ። ሴትዮዋ አሁን ልጄ ረሳኝ ብለው ተቀምጠዋል። ቢነግራቸው መተላለፋቸው ሲያንገበግባቸው ይኖራል፤ ባይነግራቸው ደግሞ ልጁ ሳያጠፋ ጥፋተኛ ሆኖ ይቀራል። ስለ ክፍሉ ብቻ ቢጽፍ ማንም አይጠይቀውም። ደብዳቤው ላይ ማኅተም ይመታል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ይህንን ሲያስብ ራሱን ጠላ።

ተመልሶ ገብቶ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ለተከበሩ ወይዘሮ ሐሊማ ሰይድ። ክፍል እንደተያዘልዎ በቴሌግራም አረጋግጠንልዎ ሳለ ያንኑ ክፍል ለሌሎች እንግዶች ሰጠን። ክፍሎቹን ለእነርሱ በስልክ የፈቀድሁት፣ ፈቅጄም መዝገብ ላይ ያላሰፈርሁት እኔ ነኝ፤ እንግዳ ተቀባይዋ አላጠፋችም። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ልጅዎ ሲመጣ እልክልዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ለተረኛው ሳልነግር ቀረሁ። ልጅዎ መጥቶ ነበር። ስምዎን ጠርቶ ጠየቀ፤ እኛም የለችም አልነው። የለችም ቢባልም አልሄደም፤ ፀሐይ እስክትገባ በሩ ላይ ጠበቀዎት። ከመጣች ወፍሬያለሁ በሏት ብሎ ለዘበኛችን ነግሮ ነው የሄደው። በልጅዎ አይዘኑበት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ፤ ባይሉኝም አልፈርድብዎትም።»

ጸሐፊዋ ደብዳቤውን በጽሕፈት መኪና ልትመታው ስትቀበል አንብባ «ይኼ ሁሉ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል?» አለችው።

«ይሄዳል» አላት።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣለት። ከወይዘሮ ሐሊማ ግን ለብዙ ጊዜ ምንም አልመጣም። ጥር አለፈ። አምሐ ፖስታ በመጣ ቍጥር ሌላ ሰው ሳይነካው ራሱ ይከፍተው ጀመር።

በየካቲት መጨረሻ መልሱ ደረሰ። የእኅታቸው ልጅ ነው የጻፈላቸው። «ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አስነበብኩት» ይላል። «መጀመሪያ ረገምኩህ፤ አልዋሽህም። ከባሕር ዳር ስመለስ ልጄን ተቀይሜው ሁለት ደብዳቤ ቢልክልኝ መልስ ነስቼው ነበር። ያንተን ከሰማሁ በኋላ ጻፍኩለት። እሱም መለሰልኝ። አንቺ እንደማትቀሪ አውቄ ነበር ይላል። ይህን ስላስገኘህልኝ አላህ ይስጥህ። ስለ ቀኑ ግን ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ገና አልቻልኩም።»

አምሐ ደብዳቤውን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው። ለማንም አላሳየም።

በግንቦት ወይዘሮ ሐሊማ ራሳቸው መጡ። አስቀድመው አልጻፉም። ጥቁር ለብሰዋል። አምሐ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ፤ ግን አንድ እርምጃ እንኳ መራመድ አልቻለም። እሳቸው ናቸው ወደ እሱ የመጡት።

«ልጄ ብጠራውም ከማይመለስበት ሄደ፤ ጦር ሜዳ ቀረ» አሉት።

የአምሐ እንባ በጉንጩ ወረደ። መቀበያው ላይ የነበሩት እንግዶች ዘወር አሉ።

«ልወቅስህ አልመጣሁም» አሉት። «ያነጋገረውን ሰው ልየው ብዬ ነው።»

ጋሽ ኑርሑሴን ሴትዮዋን ሲያዩ ማን እንደሆኑ ማንም ሳይነግራቸው አወቁ። ለሴትዮዋ ክፍል ይሰጣቸው ቢባል ዘበኛው እንቢ አሉ፤ ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዷቸው። ለሙሔም በጋሽ ኑርሑሴን ግቢ ዱዓ እንዲደረግለት ተባለ። ጎረቤቱ ሣህን ይዞ መጣ፤ ሴቶቹ ሩዝ ቀቀሉ፤ ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተሰበሰቡ።

አምሐም ከሥራ ወጥቶ መጣ። ግን ልግባ ወይስ አልግባ ብሎ አጥሩ ጥግ ቆመ። ክርስቲያን ስለሆነ አልነበረም፤ በዚያ ከተማ በኀዘን ጊዜ ይህ አያግድም። የቆመው በሌላ ምክንያት ነበር። ወይዘሮ ሐሊማ ከሴቶቹ መሀል ሆነው አዩት። ሰው ልከው አላስጠሩትም፤ ራሳቸው ተነሥተው መጡ።

«ለምን ውጭ ትቆማለህ?»

«እኔ ምን ብዬ ልግባ፣ እመቤቴ?»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ ቍጣም ምሕረትም አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር። «እዚህ አገር ሙሔን የሚያውቅልኝ ሁለት ሰው ነው» አሉት። «ጋሽ ኑርሑሴን አይተውታል። አንተ ጽፈህልኛል። ና፣ ጫማህን አውልቅ።»

አምሐ ጫማውን አወለቀና ከሽማግሌዎቹ በስተኋላ ተቀመጠ። ዱዓው ሲጀመር ሌሎቹ እጃቸውን ሲዘረጉ አይቶ እሱም ዘረጋ።