የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ፊኛ

በዎርክሾፑ ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ «ፊኛው» ነው የሚሉት። የመኪና ማንሻ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ጸጉሩ የሸበተ ንድፍ ሠሪ ነው። የማንሻው ሙሉ ሥዕል ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ቀጭን መስመር ይወጣል፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ቁጥር ያላት ትንሽ ክብ አለች። ያቺን ነው ፊኛ የሚሏት። ያው ቁጥር ከሥዕሉ ግርጌ ባለው የዕቃ ሰንጠረዥ ላይ ይገኛል፤ የዕቃው ስም፣ የተሠራበት ብረት፣ ብዛቱ ተጽፎ። ስቶር ኪፐሩ ሰንጠረዡን እያየ ዕቃውን በከረጢት ከትቶ ቁጥሩን ይጽፍበታል፤ ገጣጣሚው ደግሞ ፊኛዋን አይቶ ዕቃውን ከቦታው ያስገባል።

ታዲያ ፊኛው ጉደኛ ሰው ነበር! ፊኛዎቹ በሥዕሉ ዙሪያ በተራ ካልተሰለፉ እህል አይወርድለትም። መስመር ከመስመር ሲቆራረጥ ካየማ አለቀ፤ ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ነው። «ሥዕሌን የሚያይ ሰው ዐይኑ እንዲደናቀፍ አልፈልግም» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

የሚስቱን ታናሽ ወንድም እዚያው ገጣጣሚ አድርጎ ያስቀጠረው እሱ ነው። እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። ልጁም እጁ ወርቅ ነው፣ አፉም አያርፍም። «ጋሼ፣ ያንተን ሥዕል እኮ አሁን ማየት ትቻለሁ» ይለዋል። «አሥራ አንድ ሲባል እጄ ራሱ ወደ ማንሻው ክንድ ይሄዳል።» ፊኛው ይስቃል። መቆጣት ሲገባው ደስ ይለው ነበር፣ አይ ሰው!

አንድ ቀን የማንሻው ፑሊ፣ የብረት ገመዱ የሚዞርበት ጎማ፣ ትንሽ ከፍ ይበል ተባለ። ፊኛው ሥዕሉን አስተካከለ። ፑሊው ሲነሣ የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት መስመሮች ተቆራረጡ። አሥራ አንድ የክንዱ ፒን ነው፤ መኪናውን በሙሉ የሚሸከም፣ በእሳት የጠነከረ ብረት። አሥራ ሁለት የፑሊውን ሽፋን ብቻ የሚይዝ ለስላሳ ብረት ነው። ውፍረታቸውም ርዝመታቸውም እኩል፤ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የወለደቻቸው እናት አትለያቸውም። ፊኛው ሁለቱን ቁጥሮች አቀያየራቸው። ሰንጠረዡም አብሮ ተቀየረ። መስመሮቹ ተፈቱ፣ ፊኛዎቹ በተራቸው ተሰለፉ፣ እሱም ደስ አለው። የማሻሻያ ማስታወሻው ላይ «ፑሊው ከፍ ብሏል» ብሎ ጻፈ፤ የቁጥሮቹን ነገር ዝም አለ። ቁጥር መቀያየር ምን ይጻፋል ብሎ ነው።

ስቶር ኪፐሩ በአዲሱ ሰንጠረዥ ከረጢቶቹን ሞላ። ልጁ አዲሱን ሥዕል ፈርሞ ተቀበለ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፣ ፊቱንም አዙሮ በለመደው እጁ ገጠመ። ከከረጢት አሥራ አንድ የወጣው ለስላሳ ፒን ክንዱ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ለሙከራ ከባድ መኪና ጭነው ሲያነሡ፣ የዘይት ቱቦውን ሊያይ ከሥር ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ፒኑ ተቆረጠ። ልጁን ከሥር አወጡት፤ ግን ምን ሊተርፍ!

አጣሪዎች ተቀመጡ። ሥዕሉን ፈርሞ እያለ በቃሉ ገጥሟል፣ ጥፋቱ የራሱ ነው አሉ። ጥፋቱ የሟች ከሆነ ደግሞ ለሚስቱና ለልጆቹ ካሳ የለም። ፊኛው ይህን ሲሰማ ገብቶ ፊታቸው ቆመ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «አሥራ አንድንና አሥራ ሁለትን የቀየርኩት እኔ ነኝ። በሥራ ላይ ያለ ቁጥር ለሌላ ዕቃ አይሰጥም። ደግሞ በቃሉ እንደሚገጥም አውቅ ነበር።»

ዋናው ኢንጂነር ሥዕሉን ዘረጋ። ፊኛዎቹን አንድ በአንድ ከሰንጠረዡ ጋር አመሳከረ፤ ክንዱ ጋ አሥራ ሁለት፣ ሰንጠረዡም ላይ አሥራ ሁለት የጠነከረው ብረት። አንድም ስሕተት አላገኘም።

«ሥዕልህ ንጹሕ ነው ወንድሜ» አለው በሐዘኔታ። «ዘመድህ ነው፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርህ። ሂድና ከቤተሰብህ ጋር ሁን።»

«ንጹሕ ስለሆነ እኮ ነው የሞተው!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ክንዱን ይዞ ቀስ ብሎ አስወጣው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ጥቁሯን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ምን አሉ አለችው። ሁሉንም ነገራት፤ የተቆራረጡትን መስመሮች፣ ማስታወሻው ላይ ያልጻፈውን፣ ልጁ ሲፎክር እንዴት ደስ ይለው እንደነበር።

«ታዲያ አላመኑህም?» አለች።

«አላመኑኝም። ሥዕልህ ንጹሕ ነው አሉኝ።»

ከዚያ ተነሥታ ትራሷን አነሣች።

«እኔ አምኜሃለሁ» አለችው፣ ወጥታም በሩን ዘጋችው።