ለትምህርት ቢሮው የጻፍነው ሁለት ገጽ

የማኅበራችን የትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት አገር ቤት ለረጅም ዘመን ርዕሰ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ደውለው፣ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ሁለት ገጽ አያቅትህም» አሉኝ። የፈለጉት ለትምህርት ዲስትሪክቱ ቢሮ የሚቀርብ ኮንሰፕት ኖት ነበር፤ ሙሉው ፕሮፖዛል ከመዘጋጀቱ በፊት ሐሳቡን ባጭሩ የሚያስረዳ ጽሑፍ። ሐሳቡም አዲስ መምህራንን እዚያው ትምህርት ቤት ካሉ ነባር መምህራን ጋር ማጣመር ነው።

ቅዳሜ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ ቤተ መጻሕፍት አንዲት ትንሽ ክፍል ይዘን ተቀመጥን። ሰብሳቢው አንዲት ወጣት አስከትለው መጥተው ነበር። የጓደኛቸው ልጅ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። የአክስቷ ልጅ ሬድመንድ ከተማ ውስጥ የቢሮ ሥራ አግኝቶላት መልሷን እየጠበቀ ነው። እናቷ «ማስተማሩን ልትተው ነው» ብላ ሰብሳቢው ዘንድ አልቅሳለች።

«ማስረጃችን እሷ ናት» አሉኝ፣ ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ።

የእሳቸው ረቂቅ ግማሽ ገጽ ያህል ሰላምታና ምስጋና ነበረው። ቆረጥኩት። እኔ ደግሞ እንደለመድኩት በዋናው ፍሬ ነገር ጀመርኩ፦ አዲስ መምህራን ይለቃሉ፤ የሚደግፋቸው የለም፤ ይህን መከታተል የነበረበት ማን ነው?

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። «ቢሮውን ድጋፍ ልንጠይቀው ነው ወይስ ልናሳስረው?»

«እውነት ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«እውነትማ ነው። ማመልከቻ ግን አይደለም።»

ጥያቄውን ከጽሑፉ አወጣሁት። ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀና። አማካሪው በክፍል ደረጃም ሆነ በትምህርት ዓይነት ከአዲሱ መምህር ጋር የሚቀራረብ ይሆናል። በየሳምንቱ ይገናኛሉ፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፤ በዚያ ሰዓት ተማሪዎቹን ተተኪ መምህር ይይዛል። መጀመሪያ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ዓመት ይሞከራል። ሰብሳቢው ረክተው ቀጣዩን አስጻፉኝ፦ «አማካሪው የአዲሱን መምህር ድክመት በየወሩ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያቀርባል።»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጥሩ ነው።»

«ሥራው እንዴት ነው? ምን ያስቸግርሻል?»

ሰብሳቢውን አየት አድርጋ፣ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

«አየህ፣ ጠንካራ ናት» አሉኝ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉበት ቦታ ሰዓቱ እያለቀ ስለነበር ሊያነሱ ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «እየሰመጥኩ ነው። ከምሳ በኋላ የሚሰማኝ ልጅ የለም። ሒሳቡን ለሦስት ቡድን ከፋፍለሽ አስተምሪ ይሉኛል፤ አንዱን ሳስተምር ሁለቱ ጠረጴዛ ሥር ናቸው። ፊት ለፊቴ የምታስተምረው ሴትዮ ክፍል ጸጥ ያለ ነው። እንዴት እንደምታደርገው ልጠይቃት እፈልጋለሁ። ግን ከርዕሰ መምህራችን ጋር ምሳ ትበላለች። ኮንትራቴን የሚያድሰው እሱ ነው፤ ብትነግረውስ?»

«ለጋሼ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ለእማዬ ሊነግሯት?»

ሰብሳቢው ሲመለሱ ስለ ወርኃዊው ሪፖርት ያስጻፉኝን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ ጠበቅኋቸው።

«ማን ሰርዝ አለህ?»

«አንድ ምንጭ።»

ክፍሉን ዞር ብለው ቃኙት። ከእኛ ሌላ ያለው አንድ ነጭ ሰሌዳ ብቻ ነው። «ማነው ምንጩ?»

«ምንጬን አልገልጽም።»

ልጅቷ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። እኔ ጥያቄ ቀየርኩ። «ርዕሰ መምህር ሳሉ ቢሮዎ ገብቶ ‹ክፍሉን መያዝ አቃተኝ› ያለዎት አዲስ መምህር ነበር?»

ረጋ ብለው አሰቡ። «አንድም አልነበረም። ሁሉም ጎበዞች ነበሩ።»

የተናገሩት ለራሳቸው ጆሮ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው፣ «ጻፍ» አሉኝ። «አማካሪው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ አይገባም። ለርዕሰ መምህሩ የሚያሳውቀው መገናኘታቸውን ብቻ ነው፤ የተነጋገሩትን አይደለም። የተማሪ ደኅንነት ጉዳይ ካልሆነ በቀር።» የመጨረሻዋን ሐረግ እኔ አላሰብኳትም ነበር።

ጮክ ብለው ደግመው አነበቡትና ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ታዲያ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትቆያለሽ?»

«ከብዶኛል፣ ጋሼ።»

አፋቸውን ከፈቱ። ምክር ሊመጣ እንደሆነ ገባኝ። ተመልሰው ዘጉት። «ንገሪኝ» አሉ። ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ እጃቸው ጠረጴዛውን አጥብቆ ይዞ ነበር። ስለ ሦስቱ ቡድኖች ስትነግራቸው ግን እጃቸው ተፈታ። ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ነው እስክንባል ስለ ሒሳብ አወሩ፤ እኔም የጽሑፉን የበጀት ክፍል ብቻዬን ጨረስኩ።

ጽሑፉ እስካሁን ቢሮው ውስጥ «እየታየ» ነው። እሷ ግን ለሬድመንዱ ዘመዷ «አልመጣም» ብላ መልሳለታለች። ከዚያች ቅዳሜ ቀጥሎ በነበረው ሰኞ የፊት ለፊቷን መምህርት በር አንኳኩታ እንደነበር አውቃለሁ። እዚያ ምን እንደተባባሉ ስጠይቃት ሳቀችና፣ «እሱን አትጻፈውም» አለችኝ።