አራራይ የሚያዜሙ ጫጩቶች

ደባርቅ ላይ ጫጩት አሳድጋለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ወይ ደፋር ነው፣ ወይ ደባርቅን አያውቃትም። እኔ አውቃታለሁ፤ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ተድሬያለሁ። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ በቀትር እንኳ ጆሮ ይቆነጥጣል። ድፍረቱ ግን አለኝ። ባለቤቴ ግትርነት ይለዋል፤ እሱ በቅሎ ጭኖ ጎብኚዎችን ተራራው ላይ ወደ ጊች የሚያወጣ ሰው ስለሆነ ግትር ማለት ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል።

አንዴ በአምፖል ሞክሬ ነበር። ጫጩቶቹ ከአምፖሉ ሥር ሞቋቸው እንደተኙ መብራት ጠፋ፤ በረዳቸው፤ እርስ በርስ ተደራረቡ። ብርዱ ከገደላቸው ይልቅ መደራረቡ የገደላቸው ይበዛሉ፣ ከሥር ያሉት ታፍነው። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ ለሰው አላለቀስኩም። ጎረቤቴማ «ጫጩት ማሳደግ የዶሮ ሥራ ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ለሳምንት አኮረፍኳት።

ሁለተኛውን ዙር የገዛሁት እናቴ የሰጠችኝን በጎች ሸጬ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብዬ ላባ እስኪያበቅል ካደረስኩት፣ ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ ሳይቀር ሴቶች መጥተው ይወስዱልኛል። እነዚህም ካለቁ ግን ሌላ የምሸጠው በግ የለኝም። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ነው። ስለዚህ በአምፖል መተማመን ቀርቶ በከሰል ሊሆን ተወሰነ።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ጭንቀቱ ነው ከባዱ። ክፍሉ መሬት ላይ ጭድ ጎዘጎዝኩ። ጫጩት ጥግ ካገኘ እዚያ ተሰብስቦ ስለሚታፈን ሰሌን አቁሜ ክብ አድርጌ አጠርኩላቸው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ ጭሱ ጨርሶ እስኪወጣ ጠብቄ፣ ፍሙን አመድ አልብሼ ምድጃውን አስገባሁና አፉ የተሰበረ እንስራ ደፋሁበት። አየር እንዲያገኝ እንስራውን በድንጋይ ከፍ አደረግሁት፣ ጫጩት እንዳይገባበት ደግሞ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ ከለልኩ። እህሉንና ውሃውን እንዲያዩ ፋኖስ ሰቀልኩ። መስኮቱን በትንሹ ክፍት ተውኩት። የከሰል ጭስ ባይታይም የተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውንም ጫጩትንም ይዞ ይሄዳል።

ያን ጊዜ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ጥቂት ወራቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ጉባኤውን ለሌላ መምህር አስረክበው እኛ ቤት መደብ ላይ ተቀመጡ። የሚያርሙት ተማሪ የሌለው መምህር እንዴት ያለ ነጭናጫ እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ወጡ ጨው በዛበት፤ በሩ ሲጢጥ ይላል፤ የጎረቤት ልጅ ሲሮጥ ይረብሻል። ጫጩት ወደ ቤት ስናስገባማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዞረው ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቀን «የኔታ፣ ውሃ ቀድቼ እስክመለስ ጆሮዎን ጣል ያድርጉልኝ» ብያቸው ወጣሁ። ስመለስ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁት። ቤቱ በጩኸት ተናውጧል። ሮጬ ገባሁ። ፍሙ ደክሞ ጫጩቶቹ እንስራው ሥር አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረዋል፣ የኔታ ደግሞ ፊታቸው በርቶ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ አይ ትጋት! አይ ትጋት! አንድም የሚያንቀላፋ የለ። ተማሪ ማለት እንዲህ ነው።»

«በርዷቸው እየጮኹ ነው እንጂ!» አልኩና በሁለት እጄ ክምሩን በተንኩት። ቁጣዬ ቶሎ ይመጣል። ደግነቱ አንድም አልሞተም።

ነገሩ ሲገባኝ ግን ሳቄ መጣ። የቆሎ ተማሪ ቤት ሁሉም በየፊናው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀለሙን ይላል፤ ጩኸት ካለ ትምህርት አለ፣ ዝም ካለ ግን ተማሪው ተኝቷል። እሳቸው ጫጩቶቹን የለኩት በዚያው መለኪያ ነው። በማግስቱ ደግሞ በጥሞና ሲያዳምጡ ቆይተው «ድምፃቸው ሁሉ በምሥራቅ በኩል ነው፤ እንደ ጸሎተኛ ወደ ምሥራቅ ነው የቆሙት፤ ይህን እንስሳ ማን አስተማረው?» አሉኝ።

«ነፋስ ነው ያስተማረው፣ የኔታ። በምዕራቡ በር ስንጥቅ እየገባ ነው፣ እየሸሹት ነው።» ስንጥቁን በጨርቅ ወተፍኩት። ጫጩቶቹም ወዲያው ተበተኑ። የኔታ ትንሽ ቅር አላቸው።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ያዛቸው። መደቡን ትተው በርጩማቸውን ወደ ሰሌኑ አስጠጉ። እኔ በዓይኔ የማየውን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ድምፁን ያጠናሉ። እንስራው ሥር ተጠጋግተው ቀጭን፣ የተሳለ ጩኸት ካሰሙ በርዷቸዋል። ከእንስራው ርቀው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ ያኔ ድምፅ የለም። በክቡ ሁሉ ተበትነው፣ ግማሹ እየበላ፣ ግማሹ እንደተዘረጋ ጨርቅ ጭዱ ላይ ተኝቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ካጉረመረሙ ተመችቷቸዋል።

አንድ ጠዋት ከጓዳ ሳለሁ ጠሩኝ። «አራራይ ጀምረዋል። ፍም ጨምሪ።»

«ምን ጀምረዋል?»

«የብርዱ ዜማ አራራይ ነው፤ ያላቅሳል። ሲመቻቸው ዕዝል ነው፤ ከሆድ የሚወጣ፣ የረጋ። ሲሞቃቸው ግን ዜማ የለም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ስምንት ዓመት አስተምሬው ይህን የማይለይ ደብተራ አውቃለሁ።»

ሄጄ አየሁ። እውነትም ተጠጋግተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍም የሚጨመረው በየኔታ ትእዛዝ ሆነ። ስለ ወጡ ጨውም ማንም አልተናገረም።

ከዚያ መኖው ሊያልቅ ደረሰ። ከሰሉም እንዲሁ። የደባርቅ ገበያ ከሰል ዝናብ ጠጥቶ ነበር፤ የረጠበ ከሰል ደግሞ ይጨሳል። ዳባት ደረቅ አለ ተባለ። ባለቤቴ ጊች ነው። እስከ ቀትር የሚበቃ ፍም አዘጋጅቼ፣ የፍም መቆንጠጫው የት እንዳለ ለየኔታ በእጃቸው አስዳስሼ በሚኒባስ ወጣሁ። ከቀትር በፊት እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ዳባት ከሰሉንም መኖውንም ቶሎ አገኘሁ። ስመለስ ግን ጉም ወረደ፣ በረዶ ተከተለ፣ አንድ የጭነት መኪና ዳገቱ ላይ መንገዱን ዘግቶ ተኛ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆነን የበረዶው ጠጠር ጣራውን ሲቀጠቅጥ እሰማለሁ። ቤት ስልክ ብደውል አይሰራም። ረዳቱ «እሜቴ፣ ምን ያቁነጠንጥዎታል?» ቢለኝ «ልጆች ትቼ ነው የመጣሁት» አልኩት። ስንት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የማስበው ያንኑ የአምፖሉን ጊዜ ክምር ነበር፣ ከላይ አንስቼ አንስቼ ከሥር የደረስኩበትን።

ቤቴ የደረስኩት ቀኑ ሊመሽ ሲያዘነብል ነው። ከሰሉን በጀርባዬ አዝዬ ከአጥሩ ደጅ ቆሜ አዳመጥኩ። ምንም የለም። ጩኸት ቢሆን ምን ነበረበት! የሚጮኽ በሕይወት አለ። በሩን ገፋሁ። እንስራው ቀዝቅዟል። ሰሌኑ ውስጥ አንድ ጫጩት የለም። ከሰሉን ከነማዳበሪያው ለቀቅኩት።

«ሽሽ!» አለኝ አንድ ድምፅ። «ምነው ልጄ፣ ትቀሰቅሻቸዋለሽ እኮ።»

የኔታ መደቡ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በዙሪያቸው የቤቱ እንቅብ ሁሉ ተደርድሯል፤ የጤፉ፣ የገብሱ፣ የጥጡ ሳይቀር። በየእንቅቡ ጭድ ተጠቅጥቋል፣ መሐሉ ተቦርቡሮ እንደ ጎጆ ሆኗል። ከላይ ተሸፍነዋል፤ አንዱ በጋቢያቸው፣ አንዱ በነጠላዬ፣ ሌላው በማላውቀው ጨርቅ። ከየሽፋኑ ዳር ለመተንፈሻ ክፍተት ተትቷል። ጋቢውን ገለጥ አድርጌ እጄን አስገባሁ። ሞቃት ነበር። ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ተኝተዋል፣ ግን አልተደራረቡም። አንዱ ጣቴን ጠቅ አደረገኝና መልሶ ተኛ። አሁን ጠጋ ስል ሰማሁት፤ ከየእንቅቡ ዝቅ ያለ ማጉረምረም።

«ዕዝል» አሉ የኔታ።

የኔታ እንደነገሩኝ፣ ፍሙ ሲያልቅ አራራዩ በረታ፤ ጎረቤቴ ሰምታ ደረሰች። እርጥብ እንጨት አንድደን በሩን መስኮቱን እንዝጋ ብትል እሳቸው እንቢ አሉ። «ጭስ ያፍናቸዋል አልኳት። እኛ የቆሎ ተማሪ ሳለን እሳት ከየት አግኝተን? ጎጇችን ውስጥ ጭድ ነበር፣ እኛም ነበርን። ተጠጋግተን ተኛን፣ ሞቀን። ሲበዛ ግን ከሥር ያለው ስለሚጨፈለቅ የኔታችን በየጎጆው ከፋፈሉን። ስለዚህ እነዚህንም ጥቂት ጥቂት አድርገን ከፋፈልናቸው። በየተራ እያወጣን ከውሃው፣ ከእህሉ እናስቀምሳለን። ወደ እንቅቡ ሲመለሱ እግራቸውን በጉንጬ እነካለሁ፤ የቀዘቀዘ እግር ያለውን ወደ መሐል። ጎረቤትሽ ታያለች፣ እኔ እሰማለሁ።»

ያቺ የሳቀችብኝ ጎረቤቴ ነጠላዋን ለአንዱ እንቅብ አልብሳ በባዶ ትከሻዋ ወደ ቤቷ ሄዳለች። የማላውቀው ጨርቅ የእሷ ነበር።

መቁጠር እንኳ አልፈለግሁም። እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ ደጅ ወጥቼ እየተነፋነፍኩ ደረቁን ከሰል አቀጣጠልኩ። ጭሱ እስኪወጣ ስጠብቅ ነው በክፍቱ በር የኔታን በቅጡ ያየኋቸው። ጋቢያቸው እንቅቡ ላይ ነው፣ እሳቸው በሸሚዝ ብቻ። ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ጉልበታቸውን ወደ አገጫቸው ሰብስበው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከአፋቸው ግን ድምፅ አይወጣም። እኔ ሳላየው ብቀር ኖሮ ምንም አይሉም ነበር።

ምድጃውን ይዤ ገባሁ። «ወደ እነሱ፣ ወደ ሰሌኑ» አሉ በእጃቸው እያመለከቱ።

«እነሱ ተመችቷቸዋል፣ የኔታ» አልኩና እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሙቀቱ ሲደርስባቸው ግን ተዉት። ቀስ በቀስ ክንዳቸው ተፈታ፣ ጉልበታቸው ወረደ፣ እግራቸው ወደ ፍሙ ተዘረጋ። ትንሽ ቆይተው ራሳቸውን ወደ መደቡ አስደግፈው፣ አፋቸው ገርበብ ብሎ፣ በቀስታ ማንኮራፋት ጀመሩ። እንዳይሞቃቸው ብዬ ምድጃውን ጥቂት ራቅ አደረግሁላቸው።