ከቆጡ ላይ የተቀነሰው ገበያ

የልጅ ልጄ ጌም እሠራለሁ ትላለች። ሦስት ጀምራ አንዱንም አልጨረሰችም። የጀመረችውን ሁሉ በላፕቶፕዋ አሳይታኛለች። አንደኛው ከተማ ነው፣ ሰው የለበትም። ሌላው ሰው አለበት፣ አይራመድም። ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ። እኔ መርካቶ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ግማሽ ብርድ ልብስ ለማንም ሸጬ አላውቅም። ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ አባትና እናቷ ባሉበት፣ ከእንግዲህ ሱቅ ትገቢያለሽ አልኳት። አባቷ የራሱን ሥራ ይዟል፣ እኔ ጉልበቴ ደክሟል፣ ሱቁን የሚይዝልኝ የለም።

እሷም ግትር ናት፣ ከማን እንደወረሰችው ቤቱ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ጌም ጃም የሚሉት ነገር አለ አለችኝ። ዓርብ ማታ ለየቡድኑ ርዕስ ይሰጣል። በዚያ ርዕስ አዲስ ጌም አስበው፣ ሠርተው፣ እሁድ ማታ በኢንተርኔት ያስረክባሉ። ሰው ሊጫወተው የሚችል ነገር ካስረከብኩ የሱቁን ነገር ደግመህ አታነሳብኝም፤ ካላስረከብኩ ሰኞ ጠዋት ከባንኮኒው ኋላ ታገኘኛለህ አለች። በሁሉም ፊት እሺ አልኩ። ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። የምትሠሩት እኔ ሱቅ፣ ቆጡ ላይ ነው አልኩ።

ምክንያት ነበረኝ። መርካቶ ከላዩ አዲስ፣ ከውስጡ ብል የበላው ጥቅል ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ቦታ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አምጥተው ሠራነው ቢሉኝ በምን አውቃለሁ? ዓይኔ ሥር ይሁን አልኩ።

ሦስት ሆነው መጡ። የልጅ ልጄ ኮዱን ትጽፋለች። አንድ ቀጭን ልጅ ሥዕሉን ይሥላል። ሦስተኛዋ ምን እንደምትሠራ መጀመሪያ አልገባኝም። ሥራዬ ሥራውን መጠን ማስያዝ ነው፣ ድምፁንም እኔ ነኝ የምሠራው አለችኝ። ትንሽ ቆይቼ ቀናሿ አልኳት፣ በልቤ።

ርዕሱ «ሸክም» ሆኖ መጣ። የልጅ ልጄ ወዲያው መርካቶን በሙሉ አወራች። ተጫዋቹ ተሸካሚ ነው፤ ከሲኒማ ራስ ተነስቶ እህል በረንዳ ድረስ ይሸከማል፣ ከባለሱቅ ጋር በዋጋ ይከራከራል፣ ከመኪና ይሸሻል፣ ዝናብ ይመጣበታል፣ ብር አጠራቅሞ ጫማ ይገዛል። የእኔም ሱቅ ነበረበት፣ ብርድ ልብሱ እስከ በሩ ተደርድሮ። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። መሰላሉ ሥር ቁጭ ብዬ ሒሳብ የምሠራ መስዬ እየሰማሁ ነበር።

ቀናሿ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ግን ተጫዋቹ በእጁ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። የልጅ ልጄ ብዙ ነገር አለች። አንዱን ብቻ ንገሪኝ አለቻት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንዱ ተገኘ። ተሸካሚው ጭንቅላቱ ላይ ካርቶን ደርድሯል፣ ክምሩ ይወላገዳል፣ ተጫዋቹ በሁለት አውራ ጣቱ የስልኩን ግራና ቀኝ እየነካ ሚዛኑን ይጠብቃል። ትንሽ በሄደ ቁጥር አንድ ካርቶን ይጨመርበታል። ከወደቀ እንደገና ይጀምራል።

ከዚያ መቀነስ ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ነገር ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ ይህ ባይኖር ጨዋታው ይቆማል ወይ? ዝናቡ ባይኖር አይቆምም፣ ወረደ። መኪናው ወረደ። ጫማው ወረደ። መንገዱ አንድ ቀጥ ያለ ጉራንጉር ብቻ ሆነ። የእኔ ሱቅ ከነብርድ ልብሱ ወረደ። የዋጋው ክርክር ሲወርድ የልጅ ልጄ ፊቷ ጠቆረ፤ እሱ ነበር የምትወደው።

ቀናሿ ቀኑንም ሸንሽና ሰጠቻቸው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ያለ ምንም ሥዕል የሚጫወቱት ነገር መኖር አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ማስተካከያ ነው። እሁድ ጠዋት ሥዕልና ድምፅ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ አዲስ ነገር የሚባል አይገባም። ሰው ሁሉ በመጨረሻዋ ሰዓት ስለሚልክ እኛ ቀድመን እንልካለን፣ የዚህን ሰፈር ኔትወርክ ታውቁታላችሁ አለች።

ቅዳሜ ቀትር ሠራ ተባልኩና መሰላሉን ወጣሁ። ስክሪኑ ላይ አንድ ግራጫ አራት ማዕዘን ቆሟል፣ ከላዩ ሌሎች ግራጫ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል፣ ይወዛወዛሉ። ሦስቱም ፊታቸው በርቷል።

«ሰውየው የታል?» አልኩ።

«ግራጫው ነው፣ ጋሼ» አለችኝ ቀናሿ። «እንዲህ ካርቶን ሆኖ ካላዝናና፣ ነገ ሥዕል ቢለብስም አያዝናናም።»

ይኼ አባባል አልጣመኝም። ባዶውን እየሸጠ ነገ ይሞላል የሚል ነጋዴ አውቃለሁ። የልጅ ልጄን ወደ ታች ጠርቼ ከባንኮኒው ኋላ አስቀመጥኳት።

«ይቺ ልጅ ሐሳብሽን እየሸራረፈችው ነው» አልኳት። «የተቀነሰው የት ነው የሚሄደው?»

«የትም አይሄድም፣ አባባ። አንሠራውም ማለት ነው።»

«መርካቶ ውስጥ ከጭነት ላይ የወረደ ነገር ባለቤት ሳያገኝ አድሮ አያውቅም። ነገ ክርክሩን፣ መኪናውን፣ ሱቁን ለብቻዋ ሠርታ የራሴ ነው ብትልሽ ምን ትያለሽ?»

ተነስታ መሰላሉን ወጣች። ግን እንደገባት አየሁ። ያን ቀን ከሰዓት ሌሎቹ ማስተካከያ ትሠራለች ሲሉ እሷ ለብቻዋ፣ ለማንም ሳትናገር፣ የዋጋውን ክርክር ወደ ውስጥ መልሳ አስገባች። እኔ አውቄ ነበር፤ በዓይኗ ነግራኛለች። ደስም ብሎኛል።

እሁድ ከተክለ ሃይማኖት ቀጥታ ወደ ሱቁ መጣሁ። ጉራንጉሩ ጭር ብሏል፣ ሱቆቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ቆጡ ላይ ወጣሁ። ሦስቱም አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል። ሠዓሊው የሣለውን ተሸካሚ አስገብቶ ሊሞክረው ሲል ባለሱቅ ብቅ ብሎ ዋጋ ጠይቆታል። ዋጋውን ሊነካ አውራ ጣቱን ሲያነሳ ክምሩ ወደቀ፤ ክምሩን ሲጠብቅ ሳያስበው ዋጋውን ነካው። ጣቱ አንድ፣ ሥራው ሁለት ሆነበት። ክርክሩ ሲያልቅ ደግሞ ተሸካሚው እንደ ቆመ ቀረ፣ አልሄድም አለ። የልጅ ልጄ ከማለዳ ጀምሮ ብትፈልግ ችግሩ የት እንዳለ አላገኘችውም።

አሁን ይታያል አልኩ በልቤ። ቀናሿ ወይ ትጮሃለች፣ ወይ ላፕቶፑን ነጥቃ የራሷን ታደርጋለች። አንድ ጥቅል ላይ ተቀምጬ እጇን እጇን አየሁ።

አልጮኸችም። «ትናንት ቀትር የሠራውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ» አለቻት። «ወደዚያ እንመለስ ብትይ ሥዕሉን በእሱ ላይ እናለብሳለን። ክርክሩ ይቆይ ካልሽም ቀኑን ሁሉ እሱን ስንጠግን እንውላለን፣ ልናደርስም ላናደርስም እንችላለን። ሐሳቡ ያንቺ ነው፣ አንቺ ወስኚ።»

የልጅ ልጄ ወደኔ ዞረች። ምን ብዬ እንደምፈርድላት ጠበቀች መሰለኝ። ፍርዱን ለራሷ ተውኩላት። ሰኞ ከባንኮኒው ኋላ የምትቀመጠው እሷ ናት።

«እንመለስ» አለች። ቀጥሎ ላፕቶፑን ራሷ ስባ ክርክሩን አወጣችው። ትንሽ አለቀሰች፣ ግን እያለቀሰችም ትጽፍ ነበር።

እኔ ግን ጥርጣሬዬን አልተውኩም። ቀናሿን ፊት ለፊት ጠየቅኋት፤ የወረደው ሁሉ ነገ የማን ነው አልኳት። ሳቀች።

«ጋሼ፣ ሐሳብ እኮ ነው፣ እሷ ጭንቅላት ውስጥ አለ። እኔ ለዛሬ የሚሸከሙትን ነው የቆጠርኩት።»

ሳቋ ንጹሕ ይመስላል። ነጋዴም ንጹሕ ይስቃል። አላመንኳትም።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሥዕሉም ድምፁም ገባ። ካርቶን ሲጨመር ዱብ የሚል ድምፅ፣ ሲወድቅ የሰፈር ሰው ኡኡታ። ቀናሿ ይህን ጌም አይቶት የማያውቅ ሰው ይሞክረው፣ እኛም አፋችንን ዘግተን እንይ አለች። ሰው እኔ አመጣለሁ አልኩ። እነሱ ካመጡት ተነጋግረው ይሆናል። የጉራንጉሩን ዘበኛ ጠራሁት። ማንንም የማይወድ፣ ለማንም የማያዳላ ሰው ነው፤ እኔን ራሴን በር ላይ ቆመህ መንገድ ዘጋህ ብሎ ተጣልቶኛል።

ስልኩን ተቀበለና አየው። ተሸካሚው ቆሟል፣ ክምሩ ማዘንበል ጀመረ፣ ወደቀ። ሁለተኛ ወደቀ። ዘበኛው በጣቱ የስክሪኑን መሃል እየወጋ ነበር።

«ምኑን ነው የምነካው?» አለ።

የልጅ ልጄ ልትነግረው አፏን ከፈተች፣ ቀናሿ ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። ሦስተኛ ወደቀበት። ዘበኛው ስልኩን መለሰልኝና ይኼ ለልጅ ነው ብሎ ሊወርድ ተነሳ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገላበጠብኝ። ቀናሿ ወደ ሠዓሊው ዞራ ይጨመር አለች። ከዓርብ ጀምሮ ከዚህች ልጅ አፍ ይጨመር የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሲጀመር ከታች በግራና በቀኝ ሁለት አውራ ጣት ይሣል፣ ተጫዋቹ አንዴ ሲነካቸው ይጥፉ አለች። አዲስ ነገር አይገባም ብለሽ የለ ወይ አልኳት። ይኼ ካልገባ ግን ጨዋታው ይቆማል አለችኝ። የዚያው ጥያቄዋ ሌላኛው ጎን መሆኑ ነው። ሠዓሊው ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ሥሎ ሰጠ። ጊዜ ተርፏቸው ነበር። ያ ሁሉ ነገር ባይወርድ ኖሮ ያቺ ትርፍ ጊዜ ከየት ትመጣ ነበር ብዬ አሰብኩ፣ ማሰቤን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ዘበኛውን ለምኜ መለስኩት። የተሣሉትን ጣቶች አየ፣ የራሱን አስቀመጠባቸው። ተሸካሚው ሄደ። ካርቶን ተጨመረ፣ ዘበኛው ወደ ግራ ከነመላ አካሉ አዘነበለ። ሲወድቅበት ሰደበውና ማንም ሳይለምነው እንደገና ጀመረ። ስልኩን ልቀበለው ብል እጄን ገፋው።

አስረከቡ። ገና ብርሃን ነበር። ኔትወርኩ አንዴ እምቢ ብሎ በሁለተኛው ሄደ። ሦስቱም ተቃቀፉ።

እኔ ግን ቆይ አልኩ። በራሳቸው ስልክ የሚሠራ ነገር ማሳየት ማንም ይችላል። ሊንክ የሚሉትን ለዘበኛው ስልክ ላኩ አልኳቸው። ላኩ። የዘበኛው ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፤ ትንሽ አሰበና ከፈተው። ተሸካሚው እዚያም ቆሟል። እኔ ራሴ ያዝኩት። የሚያልቅበትን፣ የሚቋረጥበትን ቦታ ልፈልግ ብዬ ተጫወትኩ። ወደቀብኝ፣ እንደገና ጀመረ። ጉራንጉሩ አጭር ነው፣ ሰማዩ አንድ ቀለም ነው፣ የእኔ ሱቅ የለበትም። ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገልብጬ ጎዶሎውን ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ትንሽ ነው፣ ሙሉ ነው።

«ታዲያስ፣ አባባ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«ሱቁን አላነሳብሽም» አልኳት። ቃሌ ቃል ነው። ቀናሿን ደግሞ በዓይኔ መሰላሉን እስክትወርድ ሸኘኋት፤ ከላፕቶፕዋ ሌላ የያዘችው ነገር የለም።

ሰኞ ሱቁን ብቻዬን ከፈትኩ። ደላላው ሲያልፍ ጠርቼ ሱቅ የሚይዝልኝ ሁነኛ ሰው ፈልግልኝ አልኩት። ገረመው። ለስንት ዓመት የልጅ ልጄ ትይዝልኛለች ስለው ኖሬያለሁ።

«ልጅቱስ?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ናት» አልኩት።